አንድ ትራንስፎርመር ስንት ኦም ነው?



ንግግሬን በጥያቄ ልጀምር። እዚህ ሰሌዳ ላይ የአንድ ትራንስፎርመር መረጃ ጽፌአለሁ። አቅሙ 125 ሜጋ ቮልት አምፒር፣ ቮልቴጁ 13.8 በ230 ኪሎ ቮልት፣ ኢምፒዳንሱ 12.5 በመቶ። ይህ ትራንስፎርመር ስንት ኦም ነው?

ከመካከላችሁ አንዱ ቢያሰላው 52.9 ኦም ብሎ ይመልስልኛል። ጎኑ የተቀመጠው ደግሞ 0.19 ኦም ይለኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ከ230 ኪሎ ቮልቱ በኩል ቆሞ ያየ ነው፣ ሁለተኛው ከ13.8 ኪሎ ቮልቱ በኩል። አንዱ መልስ ከሌላው 278 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ዕቃው ግን አንድ ነው፣ ብረቱም መዳቡም ያው ነው። እንግዲህ አንድን ዕቃ ለመግለጽ የመረጥነው መለኪያ በቆምንበት ጎን ልክ ይህን ያህል የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ከዕቃው ላይ ሳይሆን ከመለኪያው ላይ ነው ማለት ነው። የዛሬው ርዕሳችን፣ ማለትም ፐር ዩኒት የሚባለው የአሠራር ዘዴ፣ የመጣው ይህን ለማስተካከል ነው።

ኦሙ ለምን እንደሚለዋወጥ አስቀድመን እንይ። ትራንስፎርመር ኃይል አይፈጥርም፤ የተቀበለውን ያስተላልፋል። ስለዚህ ቮልቴጁን በአንድ መጠን ከፍ ካደረገ ከረንቱን በዚያው መጠን ዝቅ ያደርጋል። ኢምፒዳንስ ደግሞ ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ከላይ ያለው ሲበዛ ከታች ያለው ስለሚያንስ፣ ለውጡ በሬሾው ሳይሆን በሬሾው ካሬ ይሆናል። በእኛ ትራንስፎርመር 230 ለ13.8 ሲካፈል 16.67 ይመጣል፤ የእሱ ካሬ 278 ነው። ከላይ ያየነው ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ትራንስፎርመር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ብዙ ባላስቸገረ ነበር። ግን የአገራችንን መረብ አስቡት። ከሕዳሴ ግድብ የሚነሳው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ ወደ 400፣ ወደ 230፣ ወደ 132 እየወረደ ይሄዳል፤ ወደ ከተማ ሲገባ 15 ኪሎ ቮልት ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ሰፈር ውስጥ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር 380 ቮልት ሆኖ ቤታችን ይገባል። በእያንዳንዱ እርከን ላይ የኦም ትርጉም ይቀየራል። የሆለታው መስመር 10 ኦምና የሰፈራችን ሽቦ 10 ኦም አንድ ቁጥር ይሁኑ እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው ከቁም ነገር አይገባም፣ በሁለተኛው ግን ምጣድ እንኳ በወጉ አይግልም።

አሁን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹን ለትምህርት እንዲያመቹ እኔ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ሆኖም በእውነተኛ ጣቢያ ከምታገኟቸው የራቁ አይደሉም። 100 ሜጋ ቮልት አምፒር የሆነ 13.8 ኪሎ ቮልት ጄኔሬተር አለን፤ ሾርት በተፈጠረበት ቅጽበት የሚታየው ሪያክታንሱ 20 በመቶ ነው። ከፊቱ ያ የተጠያየቅንበት ትራንስፎርመር አለ። ከእሱ ቀጥሎ 100 ኪሎ ሜትር የ230 ኪሎ ቮልት መስመር፣ በኪሎ ሜትር 0.4 ኦም፣ ጠቅላላ 40 ኦም። ከመስመሩ ጫፍ 63 ሜጋ ቮልት አምፒር የሆነ 230 በ132 ትራንስፎርመር፣ 12.6 በመቶ። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር የ132 ኪሎ ቮልት መስመር፣ 12 ኦም። በመጨረሻ 25 ሜጋ ቮልት አምፒር የሆነ 132 በ15 ትራንስፎርመር፣ 10 በመቶ። ሬዚስታንሱን ለጊዜው እንተወዋለን፤ በእንዲህ ዓይነት ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ከሪያክታንሱ አንጻር ትንሽ ነው።

የሚፈለገው ይህ ነው፦ በ15 ኪሎ ቮልቱ ባስባር ላይ ሦስቱም ፌዝ እርስ በርስ ቢገናኙ ስንት አምፒር ይፈስሳል? ብሬከሩን የሚመርጠው፣ ሪሌዩን የሚያስተካክለው፣ የባስባሩን ጥንካሬ የሚያሰላው ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ይጠይቃል።

በኦም እንሥራው ካልን መንገዱ እንዲህ ነው። የጄኔሬተሩ 20 በመቶ በኦም 0.381 ይሆናል። ይህ ግን በ13.8 ኪሎ ቮልት በኩል ነው። ወደ 230 ለማሻገር በ277.8 እናባዛለን፤ 105.8 ኦም ሆነ። ወደ 132 ለማውረድ 132 ለ230 ተካፍሎ የሚገኘውን ካሬ አድርገን እናባዛለን፤ 34.85 ኦም ሆነ። ወደ 15 ለማውረድ እንደገና በሌላ ካሬ እናባዛለን፤ 0.45 ኦም ሆነ። ይህ ሁሉ ለጄኔሬተሩ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ትራንስፎርመርና የ230ው መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ ይሻገራሉ፤ የ132ቱ መስመር አንድ ጊዜ። አንዱን ካሬ ብትረሱ፣ ወይም ማባዛት ሲገባችሁ ብታካፍሉ፣ መልሱ ራሱ ምንም አይናገርም። 34.85 ኦም ትክክል ይሁን ስህተት ቁጥሩን በማየት ብቻ የሚያውቅ ሰው የለም። ነገ ደግሞ አለቃችሁ ሾርቱ በ132ቱ ባስባር ላይ ቢሆንስ ብሎ ቢጠይቃችሁ ሁሉንም እንደ አዲስ ማሻገር ነው።

ፐር ዩኒት የሚያደርገው ነገር ሲታይ ቀላል ነው። እያንዳንዱን መጠን በራሱ ቦታ ካለው ማመሳከሪያ ጋር ያካፍለዋል። ማመሳከሪያውን ሁላችንም በሥራ ቋንቋችን ቤዝ ነው የምንለው። ስንጀምር ሁለት ነገር ብቻ እንመርጣለን። አንደኛው የኃይል ቤዝ ነው፤ ለጠቅላላው መረብ አንድ ነው፣ እኛ 100 ሜጋ ቮልት አምፒር እንውሰድ። ሁለተኛው የቮልቴጅ ቤዝ ነው፤ እሱንም ለአንድ ቦታ ብቻ እንመርጣለን፣ ለጄኔሬተሩ 13.8 ኪሎ ቮልት እንበል። ከዚህ በኋላ ምርጫ የለንም። ትራንስፎርመር ባለፍን ቁጥር የቮልቴጅ ቤዙ በዚያው ትራንስፎርመር ሬሾ ይቀየራል፦ ከመጀመሪያው ትራንስፎርመር ማዶ 230፣ ከሁለተኛው ማዶ 132፣ ከሦስተኛው ማዶ 15። ቀሪው በስሌት ይወጣል።

```
Zb = kV² / MVA
Ib = MVA / (√3 · kV)
```

በመጀመሪያው መስመር ከ230 ኪሎ ቮልት 529 ኦም፣ ከ132 ኪሎ ቮልት 174.24 ኦም፣ ከ15 ኪሎ ቮልት 2.25 ኦም፣ ከ13.8 ኪሎ ቮልት 1.904 ኦም እናገኛለን። እነዚህ የኢምፒዳንስ ቤዞች ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስና ሁለቱን መልሶች በየራሳቸው ቤዝ እናካፍላቸው። 52.9 ለ529 ሲካፈል 0.1 ነው። 0.1904 ለ1.904 ሲካፈልም 0.1 ነው። ከየትኛውም ጎን ብትቆሙ መልሱ አንድ ሆነ። ተአምር የለበትም። የትራንስፎርመሩ ኦም በሬሾው ካሬ ይቀየራል፤ ቤዙም በቮልቴጅ ካሬ ስለሚሰላና ቮልቴጁን በዚያው ሬሾ ስለቀየርን በዚያው ካሬ ይቀየራል። ከላይና ከታች ያለው አንድ ዓይነት ቁጥር ተጣፋ። ሬሾውን የደመሰስነው እኛ ነን፤ ቤዙን ከሬሾው ጋር አብሮ እንዲሄድ አድርገን በመምረጣችን። ይህን አደራ አስታውሱት፤ ዛሬ የማነሳቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ሳይጠበቅ ሲቀር ነው።

እግረ መንገዴን፣ ትራንስፎርመሩ ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ፣ ማለትም ኔምፕሌቷ፣ ከድሮ ጀምሮ ይህንኑ ነው የምትነግረን። ፋብሪካው ኢምፒዳንሱን ሲለካ የአንዱን ጎን ጫፎች ሾርት ያደርጋል፤ በሌላው ጎን ቮልቴጁን ከዜሮ ጀምሮ እያሳደገ የተፈቀደው ሙሉ ከረንት ሲፈስ ያቆማል። በእኛ ትራንስፎርመር ፈተናው ከ230ው ጎን ቢደረግ ንባቡ 28.75 ኪሎ ቮልት ይሆናል። ከ13.8ቱ ጎን ቢደረግ 1.725 ኪሎ ቮልት። ሁለቱም የየራሳቸው ቮልቴጅ 12.5 በመቶ ናቸው። ለዚህ ነው ኔምፕሌት ላይ ኦም የማይጻፈው። ኦም ቢጻፍ ከየትኛው ጎን የሚል ማብራሪያ ያስፈልገው ነበር፤ በመቶኛ ሲሆን አያስፈልገውም።

ነገር ግን የኔምፕሌቱ መቶኛ የተሰላው በዚያው ትራንስፎርመር አቅም ላይ ነው። አንድ ተማሪ ከ20 የታሰበ፣ ከ50 የታሰበና ከ100 የታሰበ ውጤት ቢኖረው ሦስቱን እንዲሁ ደምሮ አማካይ አያወጣም፤ መጀመሪያ ሁሉንም ከ100 ያደርጋቸዋል። እኛም 125፣ 63ና 25 ሜጋ ቮልት አምፒር ላይ የታሰቡትን ወደ ጋራው 100 ማምጣት አለብን። የሚደረገው በአዲሱ አቅም ማባዛት፣ በአሮጌው ማካፈል ነው።

```
Znew = Zold · (MVAnew / MVAold) · (kVold / kVnew)²
```

በእኛ ምሳሌ የኔምፕሌት ቮልቴጅና የቤዝ ቮልቴጅ ስለሚገጥሙ የመጨረሻው ቅንፍ 1 ነው፤ ለጊዜው እንርሳው። የመጀመሪያው ትራንስፎርመር 0.125 በ100 ተባዝቶ ለ125 ሲካፈል 0.10 ሆነ። ሁለተኛው 0.126 ወደ 0.20 አደገ። ሦስተኛው 0.10 ወደ 0.40 አደገ። የጄኔሬተሩ 0.20 በ100 ላይ የታሰበ ስለሆነ አይነካም። መስመሮቹ በኦም የተሰጡ ናቸው፤ እነሱን በየአካባቢያቸው ቤዝ ማካፈል ብቻ ነው። 40 ለ529 ሲካፈል 0.0756፣ 12 ለ174.24 ሲካፈል 0.0689።

ከዚህ በኋላ ትራንስፎርመር የሚባል ነገር ከሥዕሉ ላይ የለም። አንዱ ከሌላው ተከታትለው የተያያዙ ስድስት ኢምፒዳንሶች ብቻ ናቸው የቀሩት፦ 0.20፣ 0.10፣ 0.0756፣ 0.20፣ 0.0689፣ 0.40። ድምራቸው 1.0445 ነው። የጄኔሬተሩን ቮልቴጅ 1 ብለን ብናካፍል የሾርቱ ከረንት 0.957 ፐር ዩኒት ይሆናል። አለቀ።

ይህ 0.957 በሁሉም እርከን ላይ አንድ ነው። የሚለየው ወደ አምፒር ስንመልሰው ነው። በ15 ኪሎ ቮልት የከረንት ቤዙ 3849 አምፒር ስለሆነ ሾርቱ 3685 አምፒር ነው። በ132ቱ መስመር ላይ ያው ሾርት 419 አምፒር ሆኖ ይታያል፤ በ230ው ላይ 240፤ በጄኔሬተሩ ጫፍ ላይ 4005። አንድ የሪሌይ ባለሙያ የ15ቱን፣ የ132ቱንና የ230ውን ሪሌዮች እርስ በርስ ሲያቀናጅ የሚያስፈልጉትን ቁጥሮች ከአንድ ስሌት አገኘ። ሾርቱ በ132ቱ ባስባር ላይ ቢሆንስ የሚለውም ጥያቄ እንደ አዲስ ማሻገር አያስፈልገውም፤ ከድምሩ ላይ የመጨረሻዋን 0.40 መቀነስ ነው።

ሌላም ጥቅም አለ፤ እንደ እኔ እምነት ከስሌት ማቅለሉ የማይተናነስ። ትልልቅ የኃይል ትራንስፎርመሮች በራሳቸው አቅም ላይ ሲታሰቡ ኢምፒዳንሳቸው አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የሰፈሩ ትንሽ ትራንስፎርመር 4 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የ63 ሜጋ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር መረጃ አምጥቶ 1.26 በመቶ ቢላችሁ ነጥቡ ቦታውን እንደሳተ ወዲያው ይገባችኋል። በኦም ቢነግራችሁ ኖሮ ሳትጠረጥሩ ትቀበሉት ነበር። ቮልቴጅም እንዲሁ ነው። የጠቅላላው መረብ የቮልቴጅ ዝርዝር በፐር ዩኒት ታትሞ ሲቀርብላችሁ ዓይናችሁ ከ0.95 እስከ 1.05 ካለው ውጭ ያለውን ብቻ ይለቅማል፤ ባስባሩ የ400 ይሁን የ15 ማሰብ አያስፈልግም። በባለ ሦስት ፌዝ ሥራ ሁሌ የሚያሳስተን የሦስት ካሬ ሥርም በአብዛኛው ይጠፋል፤ መረቡ ሚዛኑን እስከጠበቀ ድረስ በፌዝና በፌዝ መካከል ያለው ቮልቴጅም፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለውም 1 ፐር ዩኒት ነው።

እስካሁን ጥሩ ጥሩውን አወራን። አሁን ሲበላሽ እንየው።

በብዛት የሚያጋጥመው ወደ ጋራው አቅም ማምጣትን መርሳት ነው። የኔምፕሌት መቶኛዎችን እንዳሉ ብንደምር ድምሩ 0.6955 ይመጣና ሾርቱ 5534 አምፒር ይሆናል። እውነተኛው ግን 3685 ነው። አንድ ጓደኛችን «ከፍ አድርገን ብንገምት ምን ይጎዳል፣ ብሬከሩ ጠንካራ ይሆናል እንጂ» ሊል ይችላል። ለብሬከሩ እውነት ነው፤ ገንዘብ ከማስወጣት በቀር ጉዳት የለውም። ለሪሌዩ ግን አይደለም። ሪሌዩ ሾርት ሲያይ ሳይዘገይ እንዲያስቆም ተብሎ በ4500 አምፒር ላይ ቢስተካከል፣ በዚያ ባስባር ላይ የሚመጣው ከረንት 3685 ብቻ ስለሆነ ሪሌዩ ያን ሾርት ፈጽሞ አያየውም። ያልተሠራ ስሌት ከሚያደርሰው ይልቅ እርግጠኛ ሆነን የሠራነው የተሳሳተ ስሌት የሚያደርሰው ጉዳት የሚብሰው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ችግር ረቀቅ ያለ ነው። አደራ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ቤዙ ከትራንስፎርመሩ ሬሾ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ወደ ላይ የሚያሳድጉ የጄኔሬተር ትራንስፎርመሮች ግን ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ስም ከፍ ባለ ቮልቴጅ ይሠራሉ፤ በመንገድ የሚጠፋውን ለማካካስ። እንግዲህ የእኛ ትራንስፎርመር ኔምፕሌት 13.8 በ230 ሳይሆን 13.8 በ242 ቢልስ? እኛ ደግሞ መስመሩ የ230 ነው ብለን ቤዙን 230 ላይ ብንተወውስ?

አሁን ያን ረስተነው የነበረውን ቅንፍ እናምጣው። ከ13.8ቱ በኩል ስናሰላ ቮልቴጁ ይገጥማልና መልሱ 0.10 ነው። ከላይኛው ጎን ስናሰላ ግን 0.10 በ242 ለ230 ካሬ መባዛት አለበት፤ 0.1107 ይመጣል። አንዱ ዕቃ እንደገና ሁለት መልስ ሰጠ። የሸሸነው ችግር በሌላ በር ገባ። ይህ ነው የሚታወቅበት ምልክት፦ አንድ ትራንስፎርመር ከሁለቱ ጎኖች ሲሰላ ሁለት የተለያየ ፐር ዩኒት ከሰጠ፣ ቤዛችሁ ከሬሾው ጋር አልሄደም ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ቤዙን ወደ 242 መቀየር ነው፤ ያኔ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አብሮ ይቀየራል፣ የ132ቱ ቤዝ 138.9 ይሆናል፣ የ15ቱ 15.78። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ቁጥሩ ግን ለዓይን አይመችም፤ 1 ፐር ዩኒት ሲባል 15.78 ኪሎ ቮልት መሆኑን ማስታወስ ሊኖርባችሁ ነው። ሁለተኛው መፍትሔ ቤዞቹን በስማቸው ትቶ ትራንስፎርመሩን በሥዕሉ ላይ በከፊል መመለስ ነው። ሙሉ ሬሾው ሳይሆን የቀረው ትርፍ ብቻ ይመለሳል፤ 242 ለ230፣ ማለትም 1.052። ኮምፒዩተር ላይ የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች የሚሠሩት እንዲህ ነው። ለምሳሌ ማትፓወር የተባለውን ብትከፍቱ `mpc.baseMVA` የሚል መስመር ታያላችሁ፤ በመስመሮችና በትራንስፎርመሮች ሰንጠረዥ ውስጥ ደግሞ `ratio` የሚል ዓምድ አለ። ያ ዓምድ የሚጠይቃችሁ 13.8 በ242ን ሳይሆን ይህችን ትርፍ ነው፤ ትራንስፎርመር ላልሆነ መስመር 0 ይጻፍበታል። ትርፏን ሳይጽፍ ያለፈ ሰው ጄኔሬተሩ 13.8 ሲሰጥ፣ ጭነት ሳይኖር፣ የመስመሩ መነሻ 230 ላይ እንዳለ ያነባል። እዚያው ጣቢያ ያለው ሜትር ግን 242 ያሳያል። የ12 ኪሎ ቮልት ልዩነት ማለት ነው።

ትርፏ የምትጎዳበትን ሁኔታ በቅርበት ለማየት ወደ መጨረሻው ማከፋፈያ ጣቢያ እንውረድ። ጭነቱ አደገና ከመጀመሪያው 132 በ15 ትራንስፎርመር ጎን ሁለተኛ አንድ ዓይነት ትራንስፎርመር ተተከለ እንበል፤ 25 ሜጋ ቮልት አምፒር፣ 10 በመቶ። ሁለቱ በላይም በታችም በአንድ ባስባር ላይ ተያይዘዋል። የአንዱ ታፕ ቼንጀር ከሌላው በ2.5 በመቶ የሚበልጥ ቮልቴጅ እንዲሰጥ ተደርጎ ቀርቷል። ለሁለቱም የሚስማማ አንድ የ15 ኪሎ ቮልት ቤዝ መምረጥ አይቻልም፤ በአንደኛው በኩል ብትመጡ 15 ነው፣ በሌላኛው ብትመጡ 15.375 ነው። እንዲህ እንደ ቀለበት በዞረ መረብ ላይ የሬሾዎቹ ብዜት ዞሮ ሲመለስ 1 ካልመጣ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ ትራንስፎርመሩን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አትችሉም።

ፐር ዩኒቱ ግን ጉዳቱን ለማስላት አሁንም ያመቻል። ልዩነቱ 0.025 ነው። በቀለበቱ ውስጥ ያለው ኢምፒዳንስ ሁለቴ 0.40፣ ማለትም 0.80 ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚዞረው ከረንት 0.031 ፐር ዩኒት፣ በ15 ኪሎ ቮልት በኩል 120 አምፒር ያህል ነው። የእያንዳንዱ ትራንስፎርመር ሙሉ ከረንት 962 አምፒር ነውና ከስምንት አንዱን ያህል አቅሙን የሚወስደው ለማንም ደንበኛ የማይደርስ ዙረት ነው። ጣቢያው ውስጥ ያለ ኦፕሬተር ይህን የሚያውቀው ሁለቱ ሜትሮች ላይ ሪያክቲቭ ኃይሉ በጣም ሲለያይ፣ አንዳንዴም በአንደኛው ወደ ኋላ ሲያነብ ነው። ሜጋ ዋቱ ግን በሁለቱም ላይ ተቀራራቢ ሆኖ ይቆያል።

የመጨረሻው ነጥብ ፐር ዩኒት ከነአካቴው የማያሳየው ነገር ነው። እስካሁን የቮልቴጁን መጠን ብቻ ነው ያወራነው። ትራንስፎርመር አንዱ ጎን በዴልታ ሌላው በስታር ሲጠመጠም ቮልቴጁን በ30 ዲግሪ ያዞረዋል። መጠኑ 1 ፐር ዩኒት ነው፣ ማዕዘኑ ግን ሌላ ነው። ሚዛኑን በጠበቀ ሾርትና በአንድ መንገድ ብቻ በሚሄድ መረብ ላይ ይህ ዙር መልሱን ስለማይቀይረው እንዘለዋለን፤ ቅድም በሠራነው ምሳሌ እኔም ሳልነግራችሁ ዘልዬዋለሁ። በአንድ ፌዝ ብቻ በሚደርስ ፎልት ላይ ግን መዝለል አይቻልም፤ በቀለበት ላይ ደግሞ አደጋ ነው።

እነዚያን ሁለት ትራንስፎርመሮች እንደገና ውሰዷቸው። አሁን ታፖቻቸው እኩል ናቸው፤ ሬሾአቸው፣ አቅማቸው፣ መቶኛቸው አንድ ነው። ኔምፕሌታቸው ላይ ግን አንዱ Dyn11 ሌላው Dyn1 ይላል። አንደኛው 30 ዲግሪ ወደ ፊት፣ ሌላው 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዞራል፤ በመካከላቸው 60 ዲግሪ አለ። በፐር ዩኒት ሥዕላችን ላይ እያንዳንዳቸው 0.40 ናቸው፤ ምንም የሚያሳስብ ነገር አይታይም። ነገር ግን እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀስቶች በ60 ዲግሪ ሲራራቁ በጫፎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ከቀስቶቹ ርዝመት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ብሬከሩ ከመዘጋቱ በፊት በሁለቱ ጎኖቹ መካከል ሙሉ 1 ፐር ዩኒት ቮልቴጅ አለ። ሲዘጋ 1 ለ0.80 ይካፈላል፤ 1.25 ፐር ዩኒት፣ 4811 አምፒር። ከእያንዳንዱ ትራንስፎርመር ሙሉ ከረንት አምስት እጥፍ ነው፤ ሪሌዩ ቶሎ ካልደረሰ ጥምጥሙን የሚያበላሽ።

ስለዚህ ሁለት ትራንስፎርመር ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ስታስገቡ፣ ስሌታችሁ በፐር ዩኒት የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ክፍት በሆነው ብሬከር ሁለት ጎኖች ላይ፣ በጣቢያው የቮልቴጅ ትራንስፎርመሮች በኩል፣ ተመሳሳይ ስም ባላቸው ፌዞች መካከል ያለውን ቮልቴጅ አስለኩ። ሬሾውም ማዕዘኑም ገጥሞ ከሆነ ሜትሩ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ይቆማል። በሙሉ ቮልቴጅ ላይ ከቆመ ብሬከሩ እንደተከፈተ ይቆይ፤ ወደ ኔምፕሌቶቹ ተመለሱ።

እስከዚህ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ሰሌዳው ላይ ያሉት ቁጥሮች እስክንጨርስ አይጠፉም።